ካሜራ ለሚሸከም ኳድኮፕተር ፕሮፔለር፣ ሞተርና የባትሪ ሴል መምረጥ በአዲስ አበባ ከፍታ

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ዙሪያ የእርሻ መሬት ከላይ ለመቅረጽ ባለ 450 ሚሊሜትር ፍሬም ኳድኮፕተር ገጣጥሜያለሁ። ሞተሮቹ 2212 ባለ 920 ኬቪ፣ ፕሮፔለሮቹ 10×4.5 ፕላስቲክ፣ ባትሪው ባለ 3 ሴል 5000 ሊፖ፣ መቆጣጠሪያው አርዱፓይለት ነው። ከትንሿ ካሜራና ከጊምባሏ ጋር 1.5 ኪሎ ይመዝናል። ባለበት ተንሳፎ ሲቆም 21 አምፔር ይስባል፣ በ10 ደቂቃ ባትሪው ያልቃል፣ ንፋስ ሲመጣና ሲወርድ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። ሱቅ ውስጥ ሞተሩን በ1400 ኬቪ ቀይረው አሉኝ። ምን ልግዛ? 20 ደቂቃ ቢበር ይበቃኛል።»

ምላሽ፦

1400 ኬቪ ሞተር እንዳይገዙ እመክራለሁ። ኬቪ የሚባለው ቁጥር የሞተሩን ጉልበት አይነግርም፤ ሞተሩ ያለ ጭነት ሲሽከረከር ለእያንዳንዱ ቮልት በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር ብቻ ይነግራል። መጠናቸው እኩል ከሆነ ሁለት ሞተሮች መካከል ኬቪው ከፍ ያለው ፈጥኖ ይዞራል፣ ነገር ግን ያንኑ የማሽከርከር ጉልበት ለመስጠት የበለጠ አምፔር ይጠይቃል። በ2212 መጠን የተሠራ 1400 ኬቪ ሞተር በባለ 3 ሴል ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በ8 ኢንች ፕሮፔለር ነው። 10 ኢንች ሲገጠምበት ሊደርስበት ወደማይችለው ፍጥነት ለመሄድ ሲታገል ከአቅሙ በላይ አምፔር ይስባል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም የጥቅልል ሽቦው ሽፋን ይቃጠላል።

የበረራው ማጠርና መንቀጥቀጡ ምንጫቸው የተለያየ ነው። የበረራውን ጊዜ በዋናነት የሚወስኑት ሴሎቹ ሲሆኑ፣ ድሮኑ በንፋስ ውስጥ ራሱን የማረም አቅሙን የሚወስኑት ግን ፕሮፔለሩና ፕሮፔለሩ ሊደርስበት የሚችለው የዙር ፍጥነት ናቸው። ስለዚህ ምርጫው ከሞተር አይጀምርም። መጀመሪያ ክብደቱና የሚበርበት አየር ይታወቃል፣ ከዚያ ፕሮፔለሩ ይመረጣል፣ ፕሮፔለሩ የሚፈልገው ዙር ይሰላል፣ ከዙሩና ከቮልቱ ኬቪው ይገኛል፣ ሴሎቹም በዚያው ስሌት ውስጥ ቦታቸውን ይይዛሉ።

ከአየሩ ልጀምር፤ እኛ አገር ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው እርሱ ነውና። ሞተር አምራቾች ከዕቃው ጋር የሚያወጡት የማንሳት ኃይል ሠንጠረዥ አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው ለባሕር ወለል ቅርብ በሆነ ቦታ ሲሆን፣ እዚያ የአንድ ሜትር ኩብ አየር ክብደት ወደ 1.2 ኪሎግራም ነው። 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ፣ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ ይኸው አየር ወደ 0.90 ኪሎግራም ይወርዳል። ፕሮፔለር በአንድ የዙር ፍጥነት የሚሰጠው የማንሳት ኃይል ከአየሩ እፍጋት ጋር እኩል የሚጨምርና የሚቀንስ በመሆኑ፣ ዙሩ ሳይለወጥ ከሠንጠረዡ ቁጥር ወደ 26 በመቶ የሚጠጋ ይጠፋል። አየሩ ሲሳሳ ጭነቱም ስለሚቀል ሞተሩ ትንሽ ፈጥኖ ይዞራል፤ ስለዚህ ሙሉ ስሮትል ላይ በተግባር የሚታየው ጉድለት ከ20 እስከ 25 በመቶ ባለው ውስጥ ይሆናል።

ይህ በእርስዎ ድሮን ላይ ምን እንደሚያደርግ እንመልከት። 2212 ባለ 920 ኬቪ ሞተር በባለ 3 ሴል ባትሪና በ10×4.5 ፕሮፔለር በሠንጠረዥ ላይ ወደ 800 ግራም ያህል ያነሳል። በአዲስ አበባ አየር ይህ ወደ 600 ወይም 640 ግራም ይወርዳል፤ አራቱ ተደምረው 2.5 ኪሎ ገደማ ይሆናሉ ማለት ነው። ድሮኑ 1.5 ኪሎ ስለሚመዝን ከክብደቱ 1.6 እጥፍ ገደማ ብቻ የማንሳት አቅም አለው፤ ባትሪው ወደ መጨረሻ ሲደርስና ቮልቱ ሲወርድ ደግሞ ወደ 1.5 ይጠጋል። ካሜራ ለሚሸከም ኳድኮፕተር ዝቅተኛው የሚመከረው 2 እጥፍ ነው። ንፋስ አንዱን ጎን ሲጭነው መቆጣጠሪያው በዚያ ጎን ያሉትን ሞተሮች ማፍጠን አለበት፤ የሚያፈጥንበት ቦታ ከሌለው ግን ሌሎቹን ከማዘግየት በቀር ምርጫ የለውም፤ ድሮኑም ከፍታውን እያጣ ይንቀጠቀጣል። እርስዎ ያዩት በአብዛኛው ይኸው ነው። ይህ ድሮን ሠመራ ቢወሰድ፣ በዚያ ሁሉ ሙቀትም ቢሆን፣ ከአዲስ አበባ የተሻለ አየር ያገኛል፤ ደብረ ብርሃን ቢወሰድ ግን ከዚህም የከፋ ይገጥመዋል።

አሁን ወደ ፕሮፔለሩ እንምጣ። ድሮን ባለበት ተንሳፎ ለመቆም አየር ወደ ታች መግፋት አለበት፤ ብዙ አየር በዝግታ ወይም ጥቂት አየር በፍጥነት ሊገፋ ይችላል፤ ብዙ አየር በዝግታ መግፋት ሁልጊዜ አነስተኛ ኃይል ይጠይቃል። ለዚህ የሚያገለግለው ቀመር አጭር ነው፦

```
P = T^1.5 / sqrt(2 × ρ × A)
```

P በዋት የሚሰላው ከሁሉ ዝቅተኛው አስፈላጊ ኃይል፣ T የድሮኑ ክብደት በኒውተን፣ ρ የአየሩ እፍጋት፣ A ደግሞ አራቱ ፕሮፔለሮች አብረው የሚጠርጉት ስፋት በካሬ ሜትር ነው። የእርስዎን ቁጥሮች ስናስገባ፣ ማለትም 14.7 ኒውተን፣ 0.90 እና አራት ባለ 10 ኢንች ክብ የሚሰጡትን 0.203 ካሬ ሜትር፣ ወደ 93 ዋት ይመጣል። ድሮንዎ የሚወስደው ግን 21 አምፔር በ11.1 ቮልት ሲባዛ 233 ዋት ነው። ስለዚህ ከባትሪው ከሚወጣው ኃይል በትክክል አየር ወደ መግፋት የሚሄደው 40 በመቶው ነው፤ ቀሪው በፕሮፔለሩ ሰበቃ፣ በሞተሩ ጥቅልል ሙቀትና በፍጥነት መቆጣጠሪያዎቹ ውስጥ ይቀራል። በዚህ የክብደት ክልል በጥሩ ፕሮፔለርና በተገቢ ሞተር 45 ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ በመቶ ማግኘት ይቻላል፤ 60 በመቶ አገኛለሁ ብሎ ማቀድ ግን ራስን ማታለል ነው።

ከቀመሩ የሚገኘው ጠቃሚ ነገር፣ ክብደቱ ሳይለወጥ የሚያስፈልገው ኃይል ከፕሮፔለሩ ዲያሜትር ጋር በተቃራኒው መሄዱ ነው። ከ10 ኢንች ወደ 11 ኢንች ሲኬድ ኃይሉ 9 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ታዲያ ለምን ወደ 12 ወይም 13 አንሄድም? የሚያግደን ፍሬሙ ነው። በእርስዎ ፍሬም ላይ 450 ሚሊሜትር የሚባለው ርቀት በሰያፍ ከሞተር ወደ ሞተር የሚለካ ስለሆነ፣ ጎን ለጎን ባሉት ሞተሮች መካከል ያለው 318 ሚሊሜትር ብቻ ነው። 11 ኢንች ማለት 279 ሚሊሜትር በመሆኑ በሁለት ፕሮፔለሮች ጫፍ መካከል ወደ 39 ሚሊሜትር ይተርፋል፤ 12 ኢንች ሲገጠም የሚተርፈው 13 ሚሊሜትር ነው። በዚህ ጠባብ ክፍተት የአንዱ ጫፍ የሚፈጥረው አዙሪት የሌላውን አየር ይረብሻል፣ ድምፁና ንዝረቱ ይጨምራል፣ የፕላስቲክ ክንዶቹ ሲተጣጠፉ ደግሞ ጫፎቹ እስከ መነካካት ሊደርሱ ይችላሉ። ስለዚህ ፍሬሙን ለማቆየት ከፈለጉ ምርጫዎ 11 ኢንች ነው። ፍሬሙንም የሚቀይሩ ከሆነ በ500 ሚሊሜትር የካርቦን ፍሬም ላይ 12 ኢንች በምቾት ይገባል።

ከዲያሜትሩ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ፒች ነው፤ ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር፣ አየሩ ጠጣር ቢሆን ኖሮ፣ ስንት ኢንች ወደፊት ይሄድ እንደነበር የሚያሳይ። ዝቅ ያለ ፒች ባለበት ተንሳፎ ለሚሠራ ድሮን ይቆጥባል፣ በጣም ሲወርድ ግን ድሮኑ ንፋስን ተጋፍቶ ወደፊት ለመሄድ አቅም ያጣል። ለመሬት ቀረጻ ከ4 እስከ 4.7 ያለው ይስማማል። ክንፉ ሁለት ይሁን፤ ባለ ሦስት ክንፍ ለጠባብ ፍሬም የሚበጅ መፍትሔ እንጂ ለቁጠባ አይሆንም። ከሁሉም በላይ ግን ጠንካራነቱን ይመልከቱ። በእጅ ሲይዙት በቀላሉ የሚጠማዘዝ ለስላሳ ፕላስቲክ በከፍተኛ ዙር ቅርጹን ያጣል፣ ኃይል ያባክናል፣ ካሜራውንም ያንቀጠቅጣል። በካርቦን ወይም በመስታወት ክር የተጠናከረ ናይሎን ፕሮፔለር ዋጋው ከፍ ይላል፤ እኔ ገንዘብ ተቆጥሮ ቢሰጠኝ ግን ከሞተሩ በፊት ለእርሱ አወጣዋለሁ።

ኬቪውን ለማግኘት መጀመሪያ አዲሱን ክብደት መገመት አለብን። ከታች እንደማስረዳው 455 ግራም የሚመዝን የባትሪ ጥቅልና ትንሽ ከፍ ያሉ ሞተሮች ስለሚገቡ ድሮኑ ወደ 1,650 ግራም ይሆናል፤ እያንዳንዱ ፕሮፔለር 412 ግራም ገደማ ይሸከማል። ባለ 11 ኢንች ዝቅተኛ ፒች ፕሮፔለር በአዲስ አበባ አየር ይህን ለማንሳት በደቂቃ ወደ 5,150 ዙር ያስፈልገዋል። የማንሳት ኃይል በዙሩ ካሬ ስለሚያድግ፣ እጥፍ ለማንሳት ዙሩ 1.41 ጊዜ አድጎ 7,300 ገደማ መድረስ አለበት። ይህን ባትሪው ሙሉ ሳለ ማግኘት አይበቃም፤ ሊያልቅ ሲል እንኳ መገኘት አለበት። ባለ 6 ሴል የሊቲየም አዮን ጥቅል በመጨረሻው ሰዓት በጭነት ውስጥ ወደ 19 ቮልት ይወርዳል፤ ሞተር ፕሮፔለር ተሸክሞ ደግሞ ኬቪው ከሚለው ዙር ወደ ሦስት አራተኛው ብቻ ያገኛል። 7,300ን ለ19 ከዚያም ለ0.75 ስናካፍል 512 ይመጣል። ይህ ዝቅተኛው ስለሆነ ከ550 እስከ 600 ባለው ውስጥ ያለ ኬቪ መፈለግ ተገቢ ነው፤ በዚህ ክልል የሚገኘው የተለመደ ምርጫ 3508 የሚባለው መጠን ባለ 580 ኬቪ ነው። አንዱ 80 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ሰፊና ጠፍጣፋ በመሆኑ በዝቅተኛ ዙር ጥሩ የማሽከርከር ጉልበት ይሰጣል፣ ሙቀቱንም በቀላሉ ያወጣል። ይህም በሳሳ አየር ጥቅሙ ቀላል አይደለም፤ አየሩ ሲሳሳ የማቀዝቀዝ አቅሙም አብሮ ይቀንሳልና።

ከሱቁ የቀረበልዎ 1400 እና እዚህ የደረስንበት 580 መራራቃቸው ሊያስገርምዎ ይችላል። ቮልቱን በእጥፍ ስናሳድግና ፕሮፔለሩን ስናሰፋ የሚያስፈልገው ኬቪ ይወርዳል፤ ዋናው ቁጥር የኬቪውና የቮልቱ ብዜት ነው። ከፍተኛ ቮልት የምመርጠው ያንኑ ዋት በግማሽ አምፔር ስለሚያደርስና በሽቦ፣ በማገናኛና በሴሎቹ ውስጥ በሙቀት የሚጠፋው ስለሚቀንስ ነው።

ሴሎቹን በተመለከተ ዋናው ጥያቄ ሊፖ ወይስ ሲሊንደር ቅርጽ ያለው ሊቲየም አዮን የሚለው ነው። ሊፖ በአንድ ጊዜ ብዙ አምፔር በመስጠት ይበልጣል፣ በአንድ ኪሎ የሚይዘው ጉልበት ግን ወደ 150 ዋት ሰዓት ነው። 21700 የሚባለው፣ 21 ሚሊሜትር ውፍረትና 70 ሚሊሜትር ቁመት ያለው ሊቲየም አዮን ሴል ከ200 ዋት ሰዓት በላይ ይይዛል። ለምሳሌ ሞሊሴል ፒ42ኤ 4,200 ሚሊአምፔር ሰዓት ይዞ 70 ግራም ይመዝናል፣ እስከ 45 አምፔር እንዲሰጥም ተፈቅዶለታል። ስድስቱ በተከታታይ ሲያያዙ 420 ግራም፣ ከሽቦና ከሽፋን ጋር 455 ግራም ገደማ ሆነው ወደ 90 ዋት ሰዓት ይይዛሉ። ያንኑ ክብደት ያለው ሊፖ የሚይዘው ከ70 ዋት ሰዓት በታች ነው።

ቀመሩን በአዲሱ ክብደትና በ11 ኢንች ስንደግመው 98 ዋት ይሰጠናል፤ 47 በመቶ ብቃት ብንወስድ ከባትሪው የሚወጣው ወደ 210 ዋት፣ ማለትም 10 አምፔር ገደማ ይሆናል። ከ90 ዋት ሰዓት ውስጥ 20 በመቶውን ለደህንነት ትተን 72 ብንጠቀም 20 ደቂቃ ይመጣል። ድሮኑ 150 ግራም ከብዶ እንኳ የሚወስደው ኃይል አሁን ካለው ማነሱን ልብ ይበሉ።

ሁለት ሴል በጎን እየተጣመረ፣ አራት ጥንድ በተከታታይ የሚሆን ባለ 8 ሴል ጥቅል ለምን አንሠራም የሚል ካለ፣ ስሌቱ ብዙም አያበረታታም። ጉልበቱ በሦስተኛ ሲያድግ፣ ድሮኑ ስለሚከብድ የሚጨመረው ጊዜ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ብቻ ነው፤ የማንሳት ትርፉም ይቀንሳል። በተጨማሪ የተገጣጠመውን ጥቅል ከውጭ አገር በእጅ ሻንጣ የሚያመጣልዎ ሰው ካለ፣ በአውሮፕላን ያለ አየር መንገዱ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈው የመለዋወጫ ባትሪ እያንዳንዱ እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ነው። ባለ 6ቱ ጥቅል ከዚህ በታች ሲሆን ባለ 8ቱ ያልፈዋል።

እዚህ ላይ ገንዘብ ለሚያጥረው ሰው የሚሆን አንድ መንገድ አለ፤ ጉድለቱንም አብሬ እነግርዎታለሁ። እነዚያኑ ስድስት ሴሎች ሁለት ሁለቱን በጎን አጣምሮ በሦስት ተከታታይ ማያያዝና ያለ ምንም ሌላ ለውጥ አሁን ባለው ድሮን ላይ መጫን ይቻላል። በረራው ወደ 17 ደቂቃ ይረዝማል። ነገር ግን የሊቲየም አዮን ሴል በጭነት ውስጥ ከሊፖ ዝቅ ያለ ቮልት ስለሚሰጥ፣ ቀድሞውንም ያነሰው የማንሳት ትርፍ ይበልጥ ይወርዳል፤ መንቀጥቀጡም ይብሳል። ድሮኑ ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ግን በመጀመሪያው ጠንካራ ንፋስ ሊወድቅ ይችላል። ከነካሜራው እንዲህ አድርገው እንዲያበሩት አልመክርም።

የባለ 6 ሴሉ ምርጫ ከሞተሩ ሌላ የሚያስቀይራቸው ነገሮችም አሉ። ከ2212 ሞተሮች ጋር በአንድ ላይ የሚሸጡት ባለ 30 አምፔር የፍጥነት መቆጣጠሪያዎች በብዛት ከ4 ሴል በላይ አይችሉም፤ ሙሉ የሆነው ባለ 6 ሴል ጥቅል 25.2 ቮልት ስለሆነ ወዲያውኑ ሊያቃጥላቸው ይችላል። ቮልትና አምፔር የሚለካው ሞጁልም ለ6 ሴል የተፈቀደ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ጊምባሉ ደግሞ አሁን ከባለ 3 ሴሉ ባትሪ በቀጥታ የሚመገብ ከሆነ፣ ወደ 12 ቮልት የሚያወርድ መቀነሻ በመካከል ሳይገባ በፍጹም እንዳይሰኩት።

ሴሎቹ የአቅም ገደብ እንዳላቸውም መዘንጋት የለበትም። እያንዳንዱ ፒ42ኤ ወደ 16 ሚሊኦም የውስጥ ተቃውሞ አለው፤ ስድስቱ ሲደመሩ በ10 አምፔር 1 ቮልት ገደማ፣ በ40 አምፔር ደግሞ ወደ 4 ቮልት ይጠፋል። ባትሪው ሙሉ ሆኖ አራቱም ሞተሮች ሙሉ ስሮትል ቢያገኙ ከ45 አምፔር በላይ ሊስቡ ስለሚችሉ፣ ገደቡን በመቆጣጠሪያው ላይ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፦

```
MOT_BAT_VOLT_MAX  25.2
MOT_BAT_VOLT_MIN  18.6
MOT_BAT_CURR_MAX  40
BATT_CAPACITY     4200
BATT_LOW_MAH      840
BATT_LOW_VOLT     19.8
BATT_CRT_VOLT     18.6
```

ሦስተኛው መስመር የጥቅሉን አምፔር ከ40 እንዳያልፍ ይገታል። የመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች ለሊቲየም አዮን ብቻ የሚሆኑ ናቸው፤ በሊፖ ላይ ቢቀመጡ ባትሪውን ያበላሻሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ፣ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን፣ የሴሎቹ ተቃውሞ በግልጽ ይጨምራል፤ ጥቅሉን ከቤት ሙቀት አውጥተው ወዲያው ቢጠቀሙበትና መጀመሪያ አንድ ሁለት ደቂቃ በዝግታ ቢያበሩ የቮልቱ መውረድ ይቀንሳል።

በገበያ ላይ ሐሰተኛ ሴል ብዙ ነው፤ ሚዛን ግን ብዙውን ጊዜ ያጋልጠዋል። ትክክለኛ 21700 ሴል 70 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ትንሹ 18650 ደግሞ 45 ግራም ወይም ከዚያ ጥቂት በላይ ነው። 30 ግራም የሚመዝን 18650 ወይም 9,900 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚል ጽሑፍ ያለበት ካገኙ፣ ውስጡ የተጻፈበትን አይደለም። ሴሎቹን ሲያያይዙ በቀጥታ በብረት መበየጃ አያሙቋቸው፤ ሙቀቱ ውስጣቸውን ይጎዳል። በነጥብ ብየዳ የሚያያዝ ንጹሕ ኒኬል ይጠቀሙ። 0.15 በ8 ሚሊሜትር የሆነው ቀጭን ኒኬል በአንድ ድርብ ለ10 አምፔር ያንሳል፣ 40 አምፔር ሲመጣበትማ ይግላል፤ ስለዚህ ደራርበው ይሥሩት ወይም በመዳብ ያጠናክሩት። ቻርጅ ሲያደርጉ በሴል 4.2 ቮልት፣ ከ4.2 አምፔር ያልበለጠ ይሁን።

ሲወርድ ለሚታየው መንቀጥቀጥ ከማንሳት ትርፉ ማነስ በተጨማሪ ሌላ ምክንያት አለው። ድሮን ቀጥ ብሎ በፍጥነት ሲወርድ ራሱ ወደ ታች የገፋው አየር ውስጥ ተመልሶ ይገባል። በእርስዎ ክብደትና ፕሮፔለር ያ አየር በሴኮንድ 6 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ መውረጃው ፍጥነት ወደዚህ ግማሽ ሲጠጋ ፕሮፔለሮቹ በተረበሸ አየር ውስጥ መሥራት ይጀምራሉ። ይህን ምንም ዓይነት ሞተር አያስቀረውም። በሴኮንድ ከ1.5 ሜትር ሳይበልጡ መውረድ፣ ወይም ወደፊት እየሄዱ በሰያፍ መውረድ ያስቀረዋል። በአርዱፓይለት ይህን በራስ ሰር በረራ የሚወስነው `WPNAV_SPEED_DN` ሲሆን የሚለካው በሴኮንድ ሴንቲሜትር ስለሆነ 150 ይሁን።

ስለ ካሜራው አንድ ነገር መጨመር አለብኝ፤ ዝግ ብሎ የሚዞር ትልቅ ፕሮፔለር እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላልና። የብዙዎቹ ትንንሽ ካሜራዎች ሴንሰር ምስሉን በአንድ ጊዜ ሳይሆን መስመር በመስመር ስለሚያነብ፣ በንባቡ መካከል ካሜራው ሲነዝር ቀጥ ያለው የእርሻ ድንበር በምስሉ ላይ እንደ ማዕበል ይታጠፋል። 5,150 ዙር በደቂቃ ማለት 86 ገደማ ንዝረት በሴኮንድ ነው። ካሜራው የተንጠለጠለባቸው የጎማ ድጋፎች ሥራቸውን የሚሠሩት የራሳቸው የመወዛወዝ ፍጥነት ከዚህ በግማሽ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ስለሆነ፣ ለፈጣን ትንንሽ ፕሮፔለር የተመረጡ ጠንካራ ጎማዎች ለዚህ አይበቁም፤ ለስለስ ያሉትን ይምረጡ። ከዚያ በፊት ግን ንዝረቱን ከምንጩ ይቀንሱ፤ እያንዳንዱን ፕሮፔለር በማመዛዘኛ ላይ አድርገው የከበደው ጎን ትንሽ እስኪቀል ድረስ ከጀርባው በአሸዋ ወረቀት ያሹት።

ገጣጥመው ሲጨርሱ የመጀመሪያውን በረራ ካሜራውን አውርደው በምትኩ እኩል ክብደት ያለው ነገር አስረው ያድርጉት። ንፋስ በሌለበት ሰዓት በሦስት ሜትር ከፍታ ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ ያቁሙትና አምፔሩን ያንብቡ፤ ከ9.5 እስከ 11 ባለው ውስጥ ከሆነ ስሌቱ ሠርቷል። ከ12 ካለፈ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞር ሞተር ላይ የገባ ፕሮፔለር ሳይሆን፣ ያ ከሆነ ድሮኑ ጨርሶ አይነሳምና፣ ተገልብጦ የተገጠመ ፕሮፔለር፣ የተዛነፈ ክንድ ወይም ከታሰበው በላይ የሆነ ክብደት ነው፤ ፕሮፔለሮቹን ይመልከቱ፣ ድሮኑንም እንደገና ይመዝኑት። መቆጣጠሪያው በራሱ የሚማረው `MOT_THST_HOVER` የሚባለው ቁጥር ከ0.5 በታች መሆን አለበት፤ ከዚያ በላይ ከሆነ የሚፈለገው ትርፍ አልተገኘም ማለት ነው። እንዳረፉ ወዲያውኑ ሞተሮቹን ይንኩ፦ ለብ ያሉ ከሆኑ ጥሩ፤ እጅ ሊያስቀምጡባቸው የማይቻል ከሆነ ግን ሞቃት በሆነ ቀን ረጅም በረራ አይሞክሩ። አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ለይቶ ከጋለ ችግሩ ከእርሱ መያዣ ወይም ከፕሮፔለሩ ነው።

በመጨረሻ፣ የ840 ሚሊአምፔር ሰዓቱን ማስጠንቀቂያ ከማመንዎ በፊት አምፔር መለኪያው ትክክል መሆኑ መታወቅ አለበት። 10 ደቂቃ ያብሩና መቆጣጠሪያው ከባትሪው ወጣ ብሎ ያሳየውን ሚሊአምፔር ሰዓት ይመዝግቡ፤ ከዚያ ጥቅሉን ከበረራው በፊት ወደነበረበት ሙሉ ደረጃ ቻርጅ አድርገው ቻርጀሩ መለስኩ ከሚለው ጋር ያስተያዩ። ቻርጀሩ 1,750 ብሎ መቆጣጠሪያው 1,500 ቢል፣ `BATT_AMP_PERVLT` የሚለውን ቁጥር በ1,750 ለ1,500 ጥምርታ፣ ማለትም በ1.17 ያባዙት። ሁለቱ እስኪቀራረቡ ድረስ ይህን ሳይደግሙ ድሮኑን ከእርሻው ድንበር አሻግረው አይላኩት።